ሞተሩ ሲነሳ የሚደክም መብራት

ጎረቤታችን ሐጂ «ዓይኔ ደክሟል» ብለው ጨርቄን የመለሱልኝ በኅዳር ነበር። ወሩ የፎገራ ሩዝ ከማሳ ተነስቶ በጋሪና በአይሱዙ ወደ ወረታ የሚጎርፍበት ነው። እኛ ቤት በዚያ ወር ማንም ቁጭ ብሎ አይበላም። ከጓሯችን ያለው የሩዝ መፈልፈያ ከጠዋት እስከ ማታ ይሠራል፤ ደጃፋችን በጆንያ ይሞላል፤ ገበሬው ተራውን እየጠበቀ ጆንያው ላይ ይተኛል።

መፈልፈያው የአባቴ ነበር። እሱ ሲሞት የሚይዘው ሰው ጠፋ። ወንድሞቼ ራቅ ብለው ነው የሚኖሩት፤ እናቴ ደግሞ እንዲሸጥ አልወደደችም። እኔ አንበሳሜ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ትምህርት ቤቱን ተሰናብቼ መጣሁና ሥራውን ያዝሁት። ስለ ሩዝ ትንሽ ትንሽ አውቅ ነበር፤ በሩዝ መሀል ነው ያደግሁት። ስለ ሞተር የማውቀው ግን ቁልፉ ሲጫኑት እንደሚነሳ ብቻ ነው።

ሐጂ ልብስ ሰፊ ናቸው። ቤታቸው ከመፈልፈያው ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው። በእግር በምትረገጥ አሮጌ መኪና ጀለቢያ ይሰፋሉ፤ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ፤ ኮት ያሳጥራሉ። የእጅ ሥራቸው ግን ከሁሉም ይበልጣል። የቁልፍ ቀዳዳቸውን አይቶ የእሳቸው መሆኑን የሚለይ ሰው አለ፤ ለዚያ ሲል ከይፋግ ድረስ የሚመጣም አለ። እኔ የመጀመሪያ የትምህርት ቤት ልብሴን የለበስሁት ከእሳቸው እጅ ነው፤ ለመምህርነት ስቀጠር የለበስሁትን ጉርድና ጃኬትም የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው።

ያን ዕለት ለእናቴ ቀሚስ የሚሆን ጨርቅ ይዤ ሄድሁ። ሐጂ ጨርቁን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ወደ በሩ አውጥተው በብርሃን አዩት፤ አጣጥፈው መለሱልኝ።

«መልካም ጨርቅ ነው» አሉ። «ገበያው ዳር ከሚሰፉት ልጆች ላንዱ ስጪው።»

«ምነው ሐጂ? ሥራ በዛብዎት?»

«ሥራስ የለብኝም። ዓይኔ ደክሟል፣ ልጄ። የናትሽን ቀሚስ ከማበላሽ ይቅርብኝ።»

ጠረጴዛቸው ላይ ሁልጊዜ ተቆልሎ የማየው ጨርቅ አልነበረም፤ አንድ ሱሪ ብቻ ተዘርግቷል። ስወጣ ባለቤታቸውን አጥሩ ሥር አገኘኋቸውና ጠየቅኋቸው።

«ከክረምቱ ጀምሮ እንዲህ ነው» አሉኝ። «ደንበኛውን ሁሉ እየመለሰ ነው። ሐኪም ይይህ ብዬ ብለምነው አሻፈረኝ አለ። ካንቺ አፍ ቢሆን ይሰማ ይሆናል።»

ሰሙኝ። በሚቀጥለው ሳምንት የመፈልፈያውን ሥራ ለሠራተኛው ትቼ ከሐጂ ጋር በሚኒባስ ባሕር ዳር ሄድን። ሠራተኛው ከአባቴ ጋር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሠራ፣ አሁን ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው፤ ያለ እኔም ሥራው አይቆምም።

የዓይን ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ሐጂን ፊደል አስነበበቻቸው፤ በመሣሪያ አየቻቸው፤ የዓይን ግፊታቸውን ለካች። ብዙ ጊዜ ወሰደች። መጨረሻ ላይ የቅርብ ማንበቢያ መነጽራቸው ትንሽ ከፍ ቢል እንደሚሻል ነገረችን። የዓይን ሞራ ጅማሮ አለ፤ በዚህ ዕድሜ የሚጠበቅ ነው፤ ለጊዜው ከሥራ የሚያግድ ግን አይደለም አለች።

«በመርፌ ክር ያስገባሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«አስገባለሁ።»

«ታዲያ የሚቸግርዎ ምንድን ነው?»

ሐጂ መነጽራቸውን አውልቀው ጠራረጉ። ሐኪሟ ጠበቀች፤ ከዚያ «የሚሠሩት በምን ብርሃን ነው?» አለች።

ሐጂ እኔን አየት አደረጉኝ። «ብርሃኑ ደኅና ነው» አሉ። «ምንም አይልም።»

ያቺን አስተያየት አይቻታለሁ። ትርጉሟ ግን ያን ጊዜ አልገባኝም፤ የማያውቁት ቦታ መጥተው የጨነቃቸው መሰለኝ። መነጽሩን አሠርተን ተመለስን። መንገድ ላይ ስለ ሩዙ፣ ስለ ዘንድሮው ውኃ መጥፋት አወራን። ስለ ዓይን አላነሱም።

መነጽሩ ግን ምንም አልለወጠም። ሁለት ሳምንት ቆይቼ ስጠይቅ ባለቤታቸው አሁንም ሰው እየመለሱ መሆናቸውን ነገሩኝ። ተናደድሁ ማለት እችላለሁ። ያን ያህል ደክመን ሄደን፣ ሐኪም ዓይንዎ ደኅና ነው ብላ፣ ለምን አይሠሩም? አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የእናቴን ጨርቅ እንደገና ይዤ ሄድሁና ውስጥ ገብቼ ተቀመጥሁ። ባለቤታቸው ሻይ አመጡልኝ።

ክፍሏ ቀንም መብራት ትፈልጋለች። በሩ ወደ መንገድ ነው፤ መኪናዋ ግን ከውስጥ ናት። አንድ መስኮት ነበራት፤ አባቴ የመፈልፈያውን ቤት ሲሠራ ግድግዳው መስኮቷ ላይ መጣባት። አሁን መስኮቷን ብትከፍቱ የኛን ብሎኬት ነው የምታዩት። ስለዚህ ሐጂ ቀኑን ሙሉ ከመኪናዋ በላይ በተንጠለጠለች አንድ አምፖል ነው የሚሠሩት። ይህን ሁሉ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ አስቤው ግን አላውቅም።

ሐጂ የሱሪ ቁልፍ እየተከሉ ነበር። ከግድግዳው ማዶ የሞተሩ ድምፅ ተነሳ፤ መጀመሪያ ማቃሰት፣ ከዚያ ጉርምርምታ። አምፖሏ ወረደች። ጠፋች አልልም፤ የሻማ ያህል ቀልታ እየተርገበገበች ቆየች፤ ሞተሩ ሲፈጥን ደግሞ ተመለሰች። ለአምስት፣ ለስድስት ሰከንድ ያህል ነው።

እኔ ወደ አምፖሏ አየሁ። ሐጂ ግን ቀና አላሉም። መርፌያቸው ከጨርቁ በላይ ቆማ ነበር። ሞተሩ ማቃሰት ሲጀምር፣ መብራቱ ገና ሳይወርድ፣ እጃቸው ቆሟል፤ ብርሃኑ ሲመለስ መርፌዋ ወርዳ ሥራዋን ቀጠለች። ዓይኑ የደከመ ሰው እንዲህ አያደርግም። ብዙ ጊዜ ሲደጋገምበት እጁ የለመደ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው።

ሻይዬን ሳልጨርስ ሦስት ጊዜ ተደገመ። አንድ ገበሬ ሲያልቅለት ሞተሩ ይቆማል፤ ቀጣዩ ጆንያውን ሲደፋ ይነሳል። በአዝመራ ጊዜ በቀን ስንቴ እንደምናስነሳው እኔ ቆጥሬ አላውቅም፤ ሐጂ ግን ሳይቆጥሩት አልቀሩም።

«ሐጂ» አልኋቸው፤ «ይኼ ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«የቱ?»

«መብራቱ።»

«ዓይኔ ነው፣ ልጄ።»

«እኔም እኮ አየሁት።»

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክተው መነጽራቸውን አወለቁ።

«አባትሽ ይኼን ሽቦ የሳበልኝ» አሉ፤ «እኔ ሳልጠይቀው ነው። መስኮትዎን ደፈንሁብዎ ብሎ፣ ግድግዳውን ገና ሳይጨርስ፣ ከራሱ መስመር ቀጥሎ አምፖሏን በእጁ ሰቀለልኝ። እስከ ዕለተ ሞቱ ስንት ፈጀህ ብሎኝ አያውቅም። ታዲያ አንቺን ‹የአባትሽ መብራት አስቸገረኝ› ልበልሽ?»

«ለሐኪሟስ ለምን አልነገሯትም?»

«አንቺ አጠገቤ ነበርሽ።»

ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልሁም። ለራሴ ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር፤ ሽማግሌ ጎረቤቴን ሐኪም ቤት ወስጄ። ለካ እሳቸው እኔን ላለማሳፈር ሲሉ ነው ዓይናቸውን የሰደቡት። ደንበኛቸውን ሁሉ የሸኙትም በዚሁ ምክንያት ነው። በየቀዳዳው መሀል መብራት ሲወርድባቸው ስፌቱ ይዛነፋል፤ የተዛነፈ ሥራ ደግሞ አይሰጡም።

ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ሠራተኛው ሄድሁ። ሞተሩን አስቆምሁትና የሐጂን ነገር ነገርሁት። አልደነቀውም።

«ሞተር ሲነሳ መብራት ይደክማል» አለ። «የትም እንደዚህ ነው። የእነ እንትናም ቤት ትንሽ ዝቅ ይላል።»

«በአባቴ ጊዜም እንዲህ ነበር?»

አሰብ አደረገ። «እንዲህስ አልነበረም። ሳጥኑ እያለ ትንሽ ነበር የሚወርድ።»

«ሳጥኑ» ያለው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሞተሩን ማስነሻ ነው። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። መፈልፈያውን በያዝሁ በመጀመሪያው አዝመራ ሞተሩ እያቃሰተ አልነሳ ይለን ነበር። ሰው ተሰልፎ እያየን ሁለት ሦስት ጊዜ ይሞክራል፤ ይጮሃል፤ ይቆማል። አንድ ሽቦ የሚነካካ ሰው ጠርተን ሳጥኑ ተበላሽቷል አለን፤ ሳጥኑን አልፎ ሞተሩን በቀጥታ አገናኘው። ሞተሩ አንዴ ጮኾ ተነሳ። እኔም ደስ አለኝ። «እንዲህ ይሁን» ያልሁት እኔ ነኝ።

በማግሥቱ እውነተኛ ኤሌክትሪሻን አስመጣሁ። ባሕር ዳር ፋብሪካ ውስጥ ለብዙ ዓመት የሠራ፣ አሁን ወረታ ቤተሰብ ይዞ የተቀመጠ ሰው ነው። ነገር አያበዛም። የሆነውን ሁሉ ስነግረው እያዳመጠ ሽቦውን በዓይኑ ይከተል ነበር፤ ከመንገዱ ምሰሶ ወደ በራችን ቆጣሪ፣ ከቆጣሪው በአጥሩ ሥር ግቢውን ሁሉ አቋርጦ ወደ ጓሮው መፈልፈያ፣ ሽቦ ከሚከፋፈልበት ከመፈልፈያው ሰሌዳ ደግሞ በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ሐጂ ቤት።

«የሽማግሌው መብራት ከዚህ ነው የተቀጠለ?» አለ ሰሌዳውን እያሳየ።

«አዎ።»

«እንግዲያው ነገሩ ግማሹ ተገኘ።»

ቴስተሩን አወጣ። መጀመሪያ መፈልፈያው ሰሌዳ ላይ፣ የሐጂ አምፖል በተቀጠለችበት ሽቦ ላይ ገጠመውና ቁጥሩን እንዳነብለት አቆመኝ። ሞተሩ ቆሞ እያለ ሁለት መቶ አሥራ አምስት ቮልት ይላል። ለሠራተኛው «አስነሳው» አለው። ሞተሩ ሲያቃስት ቁጥሩ በዓይኔ ፊት ወርዶ መቶ ሰባ አካባቢ ሲዋልል አየሁት፤ ሞተሩ ሲፈጥን ቀስ ብሎ ተመለሰ።

ከዚያ ወደ በሩ፣ ቆጣሪው ዘንድ ሄድን። እዚያም ገጥሞ ለሠራተኛው ጮኸበት። ሞተሩ ተነሳ። አሁን ቁጥሩ የወረደው ከሁለት መቶ አሥራ አምስት ወደ ሁለት መቶ አምስት ብቻ ነው።

«አየሽ?» አለኝ። «ከትራንስፎርመሩ እስከዚህ የሚጠፋው ትንሽ ነው። ይኼን ጎረቤቶችሽ ሁሉ ይካፈሉታል፤ ብዙም አያስተውሉት። የቀረው የሚጠፋው ከዚህ እስከ ጓሮ ባለው በናንተው ሽቦ ላይ ነው። ሽማግሌው ደግሞ የተቀጠሉት ከሽቦው መጨረሻ ላይ ነው።»

«ለምንድን ነው ሲነሳ ብቻ የሚሆን? ሲሠራማ ደኅና ነው።»

«ሞተር ቆሞ ሲነሳና ሲሮጥ የሚስበው አንድ አይደለም። ሲነሳ አምስት ስድስት እጥፍ ይስባል፤ እስኪፈጥን ድረስ። ያ ሁሉ በዚህ ቀጭን ሽቦ ነው የሚያልፍ። ሽቦ ደግሞ ሲያሳልፍ ከቮልቱ ይቀንሳል፤ ብዙ ሲያልፍበት ብዙ ይቀንሳል፤ ሲቀጥንና ሲረዝም ደግሞ ይብስበታል። አምፖሏ የተረፈውን ነው የምታገኝ።»

ሠራተኛው መጥቶ እያዳመጠ ነበር። «እንደ ቧንቧ ነዋ» አለ። «ታችኛው ግቢ ሲከፍቱ የኛ እንደሚቀጥነው።»

«እንደሱ ነው» አለ ኤሌክትሪሻኑ።

ከዚያ ዋናውን ማቋረጫ አጥፍቶ፣ ኤሌክትሪክ አለመኖሩን በቴስተሩ አረጋግጦ፣ ሽቦውን በእጁ እየዳበሰ በአጥሩ ሥር ሄደ። ከማንጎው ዛፍ አጠገብ ቆመ። እዚያ አንድ ቅጥያ ነበር፤ አንድ ጊዜ አይሱዙ ወደ ኋላ ሲመጣ ሽቦውን በጥሶት በፕላስተር ተጠቅልሎ የተቀጠለ። ፕላስተሩን ሲገልጠው ውስጡ ከስሏል፤ የሽቦው ልባስ ቀልጦ ተሰነጣጥቋል። ሽቦው የሐጂ አምፖል የተቀጠለችበት ራሱ ነው።

«በየመነሻው ይኼ ይግላል» አለ። «መብራት መድከሙ ቀላሉ ነው። ይኼ አጥሩን ሊያነድባችሁ ነበር።»

አጥራችን ሸምበቆ ነው። በአጥሩ ሥር ደግሞ የሩዝ እብቅ እንከምራለን። ክምሩን አየሁት።

ከሰዓት በኋላ ሳጥኑን ከፍቶ አየው። ውስጡ ትላልቅ ማገናኛዎችና አንዲት ትንሽ ሰዓት መሰል ነገር አለች። አቧራውን አራግፎ በየተራ ሞከራቸው።

«ይኼ ሳጥን ሞተሩን በሁለት እርከን የሚያስነሳ ነው» አለኝ። «ስታር ዴልታ ይባላል። በመጀመሪያው እርከን ሞተሩ ከመስመሩ የሚስበው በቀጥታ ሲነሳ ከሚስበው ሲሶውን ያህል ነው። ፍጥነት ሲይዝ ሳጥኑ ራሱ ወደ ሙሉው ያዞረዋል። ስለዚህ መብራት አይጎዳም።»

«ታዲያ ለምን ተበላሸ?»

«አልተበላሸም። ደኅና ነው።»

«አልነሳ ሲለን እኮ ነበር።»

«በመጀመሪያው እርከን ጉልበቱም ሲሶ ነው። ባዶውን ከሆነ ይነሳል። ሩዝ ጎርሶ ከሆነ ግን ያቃስታል እንጂ አይፈጥንም። ስታስነሱት ውስጡ ሩዝ ነበረበት?»

ሠራተኛውን አየሁት። እሱ መሬት መሬት አየ።

«አባትሽ» አለ፤ «ሊያጠፋ ሲል መጀመሪያ የላይኛውን መዝጊያ ይዘጋል፤ ውስጥ ያለው ሩዝ ተፈልፍሎ እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ ከዚያ ነው የሚያጠፋ። ሲያስነሳም ባዶውን ነው፤ ሩዙን የሚለቅበት ከፈጠነ በኋላ ነው። አንቺ ስትመጪ ሰው ተሰልፏል፣ ጊዜ ይባክናል ስትይ ተውነው።»

ያልሁትን አላስታውስም፤ ግን ብዬዋለሁ። የእኔ አነጋገር ነው። አባቴ ያን የሚያደርገው በባሕርይው ቀስ ስለሚል ይመስለኝ ነበር እንጂ ምክንያት ይኖረዋል ብዬ አልገመትሁም።

«ለምን ያን ጊዜ አልነገርኸኝም?» አልሁት።

«አንቺ መምህር ነሽ» አለ። «ታውቂዋለሽ ብዬ።»

ኤሌክትሪሻኑ ሳቁን ዋጠ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ሐጂም ሠራተኛውም እያወቁ፣ ለእኔ የሚነግረኝ ሰው ጠፍቶ ዓመት አልፏል።

ሥራው ሦስት ቀን ወሰደ። ኤሌክትሪሻኑ ሞተሩን ወደ ሳጥኑ መለሰው። ከቆጣሪው እስከ ጓሮ ያለውን ቀጭን ሽቦ አንስቶ መሀሉ ቅጥያ የሌለው ወፍራም ሽቦ ዘረጋ። ለሠራተኛው የማስነሻውን ሥርዓት እንደገና አስተማረው፤ ሠራተኛው ከእሱ የበለጠ ያውቀዋል። መዝጊያው ዝግ፣ ውስጡ ባዶ፣ ከፈጠነ በኋላ ሩዝ። በሁለት ገበሬ መሀል ለጥቂት ደቂቃ ከሆነ ደግሞ አታጥፉት፣ ባዶውን ይዙር አለ፤ ቶሎ ቶሎ ማስነሳት ሞተሩንም ያግለዋል።

የቀረው የሐጂ መስመር ነበር። ኤሌክትሪሻኑ ከሞተሩ ሰሌዳ ላይ እንዲነቀል ፈለገ። ከበሩ፣ ከቆጣሪው አጠገብ፣ የራሱ ማቋረጫ ያለው ሌላ ሽቦ እንሳብላቸው አለ፤ ሞተሩ የሚስብበትን ሽቦ እንዳይጋሩ። ይኼም ለጊዜው ነው፤ ካንድ ቆጣሪ ለጎረቤት መቀጠል አይፈቀድምና የራሳቸውን ቆጣሪ ያመልክቱ አለ።

ይህን ለሐጂ ልነግር ስሄድ ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። ሽቦው ከግድግዳው ቀዳዳ ይወጣል ስላቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«ይነቀላል?»

«ይነቀልና በሌላ በኩል ይገባል፣ ሐጂ።»

«ቆጣሪም የራሴን አወጣለሁ?»

«አዎ፤ በስምዎ።»

«ስለዚህ ከናንተ ቤት ጋር ተለያየን ማለት ነው።»

እንዲህ ይሉኛል ብዬ አልጠበቅሁም። ባለቤታቸው «ሰውዬ፣ ሽቦ እኮ ነው» አሉ። ሐጂ አልሰሟቸውም። ቀዳዳዋን እያዩ ነበር። አባቴ ያቺን ቀዳዳ በመሮ ሲበሳ እሳቸው መሰላሉን ይዘውለት እንደነበር ነገሩኝ። ሲበሱ ውለው፣ አምፖሏ ስትበራ ሁለቱም እንደ ልጅ ሳቁ።

ላባብላቸው ብሞክር የሚሰሙኝ አልመሰለኝም። ስለዚህ የከሰለውን ቅጥያ ነገርኋቸው። አባቴ የዘረጋው ሽቦ አርጅቶ በየቀኑ አጥሩ ሥር ሲግል እንደነበር፣ ቢነድ መጀመሪያ የሚደርሰው በእሳቸው ግድግዳ እንደነበር ነገርኋቸው።

«አባቴ ቢኖርና ይኼን ቢያይ ምን ያደርግ ነበር?» አልኋቸው።

ብዙ ሳያስቡ መለሱ። «የዚያኑ ዕለት ይነቅለው ነበር።»

«እንግዲያውስ ይነቀል።»

«ይነቀል» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ቀዳዳዋን ግን አትድፈኗት፤ እኔ እደፍናታለሁ» አሉ። በምን እንደሚደፍኗት አልጠየቅሁም።

ኤሌክትሪሻኑ አዲሱን መስመር ሲጨርስ አምፖሏንም ለወጣት። የድሮዋ ርካሽ ነበረች፤ ቮልት ትንሽ ሲወርድ ወዲያው የምትርገበገብ። ያመጣት የኤልኢዲ አምፖል ቮልቱ ወረድ ሲል ብርሃኗን ሳትቀንስ የምትቋቋም ናት። እንግዲህ አምፖሏን ብቻ ለውጠን በተገላገልን ነበር ስለው ራሱን ነቀነቀ። «አምፖሏ ሕመሙን ትደብቅላችሁ ነበር፤ ቅጥያው ግን መክሰሉን አይተውም።»

ሁላችንም ሐጂ ቤት ተቀምጠን ሠራተኛው ሞተሩን እንዲያስነሳ አደረግን። በአዲሱ አሠራር ድምፁም ሌላ ሆነ፤ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ትንሽ ቆይቶ አንድ ጊዜ ቋ አለና ወደ ሙሉው ዞረ። ሐጂ መርፌያቸውን ይዘው አምፖሏን ያዩ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው ሲያዩዋት አየኋቸው። ሞተሩ ሲዞር ላፍታ ያህል ብርሃኗ የተወዛወዘ መሰለኝ፤ ካላወቁት አያስተውሉትም።

«ተነሳ?» አሉ።

«ተነስቷል» አልኋቸው። ጉርምርምታው ከግድግዳው ማዶ ይሰማል።

ጎንበስ ብለው ቁልፉን መትከል ቀጠሉ። እጃቸው ግን ለብዙ ቀን ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ከልምዱ ቆም ይል እንደነበር ባለቤታቸው ነግረውኛል።

ነገሩ ፈጽሞ ጠፋ አልልም። ከመንገዱ ማዶ ያለው ትልቁ መፈልፈያ ሲነሳ አሁንም የሰፈሩ መብራት ሁሉ ዝቅ ብሎ ይመለሳል፤ በአንድ ትራንስፎርመር የተንጠለጠልን ብዙ ነንና። ኤሌክትሪሻኑ ይኼ የኛ ሥራ አይደለም፤ መብራት ኃይል አመልክቱ አለን። ከሠፈሩ ሰዎች ጋር ሆነን አመለከትን። መጥተው ለክተው ሄደዋል፤ ትራንስፎርመሩ ግን እስካሁን ያው ነው። የሐጂ ቆጣሪ ከብዙ ምልልስ በኋላ ገባ። ወረቀቱን ስፌት መኪናቸው መሳቢያ ውስጥ ከጠመኔና ከመርፌ ጋር አስቀምጠውታል።

የእናቴን ቀሚስ ሰፉላት። ደንበኞቻቸውም ቀስ በቀስ ተመለሱ፤ የሄዱበት ሰፊ የወደዱ ጥቂቶች ቀርተዋል። ዓይናቸው እንደሆነ ያው ነው፤ ሐኪሟ እንዳለችው በየጊዜው እየሄዱ ይታያሉ፤ አሁን ለሐኪሟ ሁሉን ይነግራሉ።

ለእኔም መንገር ለመዱ። ጥር ላይ ነው፣ አንድ ቀን ጠዋት ገና ሥራ ሳንጀምር በሩን አንኳኩ። ጥቁር ኮት በእጃቸው ይዘዋል። ትከሻው ላይ እንደ ዱቄት የደቀቀ ቢጫ አቧራ ተነስንሶበታል።

«ይኼ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«የሩዝ እብቅ ነው።»

«በጣሪያው ክፍተት ነው የሚገባ። ነጭ ስሰፋ ምንም አይል። ጥቁር ጨርቅ ግን መሥራት አቅቶኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ሐጂ?»

«መፈልፈያው ከተሠራ ጀምሮ» አሉ፣ ኮቱን እያራገፉ።

ያን ሳምንት ሠራተኛውና እኔ በጣሪያውና በግድግዳው መሀል ያለውን ክፍተት በላሜራ ዘጋነው። ሐጂ ከታች ቆመው የቀረውን ቀዳዳ በጣታቸው ያሳዩን ነበር።